ትናንት ላይ ማትረፍ

በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2015 እስከ 2022 ያለውን የቢትኮይን የዕለት ዋጋ ሰብስበን አንዲት ተራ ሕግ እንሞክርበት። የዕለቱ መዝጊያ ዋጋ ካለፉት 100 ቀናት አማካይ በላይ ከሆነ ቢትኮይን እንይዛለን፤ ከበታቹ ከሆነ ሸጠን በዶላር እንቀመጣለን። አማካዩ በየቀኑ አዲሱን ዋጋ ጨምሮ አሮጌውን ስለሚጥል ተንቀሳቃሽ አማካይ ይባላል። ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የተባለው ለእሱ ይመስላል። ቢሆንም ረጅም ቁልቁለት ሲመጣ ይጠቅማል። በ2017 መጨረሻ 20,000 ዶላር ገደማ የነበረው ቢትኮይን በዓመቱ ወደ 3,200 ሲወርድ፣ ዘግይቶ የወጣ ሰውም ካልወጣው ይሻል ነበር።

ሙከራው በፓይተን ሦስት መስመር ነው፦

```python
sma = close.rolling(100).mean()
pos = (close > sma).astype(int).shift(1)
ret = pos * close.pct_change()
```

ብዙ ሰው የሚሳሳተው `shift(1)` ላይ ነው። አብዛኛው ዳታ ቀኑን የሚዘጋው በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የመዝጊያው ዋጋ የሚታወቀው ያን ጊዜ ስለሆነ ውሳኔው የሚሠራው ለቀጣዩ ቀን ብቻ ነው። `shift(1)` ከተረሳ ፕሮግራሙ ዋጋው መጨመሩን ካየ በኋላ በጠዋቱ ዋጋ የገዛ ይመስለዋል፤ ትርፉም ለማመን የሚከብድ ይሆናል። እንዲያ ያለ ትርፍ ያየ ሰው ከመደሰቱ በፊት ይህችን መስመር ይመልከት። ኮሚሽንም መቀነስ አለበት። ለአንድ ግብይት 0.1 በመቶ ቢከፈል፣ በዓመት 40 ጊዜ ገዝቶ የሸጠ ሰው ከገንዘቡ 8 በመቶ ያህሉን ለመገበያያው ያስረክባል።

ከዚህ የከፋው ስህተት ግን ኮዱ ውስጥ አይታይም። 100 ለምን ተመረጠ? ከ10 እስከ 200 ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ ሞክረን ከፍተኛ ትርፍ ያሳየውን ብንወስድ፣ ከ191 ዕጣ አሸናፊውን ማንሳታችን ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ የገበያውን ጠባይ ሳይሆን ያለፉትን ቀናት አጋጣሚ ሸምድዷል። ባለሙያዎች ኦቨርፊቲንግ የሚሉት ይህን ነው።

መለያው ጎረቤቶቹን ማየት ነው። 47 ብዙ አትርፎ 44 እና 50 ከከሰሩ 47 ዕድለኛ ነው እንጂ ጎበዝ አይደለም። ከ80 እስከ 120 ያሉት ሁሉ ተቀራራቢ ውጤት ከሰጡ ግን፣ አንደኛ የወጣውን ትቶ መሃል ያለውን መያዝ ይሻላል።

ሁለተኛው መከላከያ ዳታውን መክፈል ነው። ቁጥሩን ከ2015 እስከ 2019 ባለው ዋጋ እንመርጣለን፤ ከ2020 እስከ 2022 ያለውን ሳንነካ አስቀምጠን በመጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ እንፈትንበታለን፤ ውጤቱንም ገዝቶ ዝም ብሎ ከመያዝ ጋር እናወዳድራለን። ውጤቱ አላስደስት ብሎን ቁጥሩን ከቀየርን ያ ዳታ ከእንግዲህ ፈተና መሆኑ ቀርቷል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ማስረጃው ትንሽ ነው። በእነዚህ ስምንት ዓመታት ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የዘለቁት ትላልቅ ቁልቁለቶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የ2018 እና የ2022።