የደመወዝ ጥያቄ ደብዳቤና የስድስት ወሩ ቆጠራ

ደመወዝ ሲዘገይ ሠራተኛው ከኃላፊዎቹ የሚሰማው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ከባለቤቱ ክፍያ እየጠበቅን ነው፤ ትንሽ ታገሡ።» ይታገሣል። የቤት ኪራዩን ከዘመድ ተበድሮ ይከፍላል፣ ዕቁቡን ያቋርጣል፣ በወሩ መጨረሻ ደግሞ ተመሳሳይ መልስ ይሰማል። እሱ በትዕግሥት በሚጠብቅበት ጊዜ ግን ሕጉ ቀን ይቆጥራል፤ ቆጠራውም በእሱ ላይ ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስድስት ወሩ የሚቆጠረው ሠራተኛው ሥራ ከለቀቀበት ወይም ትዕግሥቱ ካለቀበት ቀን አይደለም። እያንዳንዱ ወር የራሱ ቆጠራ አለው። ጥር 30 መከፈል የነበረበት ደመወዝ ሐምሌ 30 ላይ ጊዜው ያበቃል፤ የየካቲቱ ደግሞ ከአንድ ወር በኋላ ይከተላል። አንድ ዓመት ሙሉ ሳይከፈለው ቆይቶ ፍርድ ቤት የሄደ ሠራተኛ፣ አሠሪው ይርጋን መከላከያ አድርጎ ካነሣ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ገንዘብ ሊያጣ ይችላል። ሥራውን መሥራቱን ማንም ባይክድም እንኳ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «እኔ እኮ ደብዳቤ አስገብቻለሁ» ይላል። ደብዳቤ ማስገባት ብቻውን ይርጋውን አያቋርጥም። አዋጁ ይርጋ የሚቋረጠው በሦስት ነገሮች እንደሆነ ይናገራል። አንደኛው ጉዳዩን የሥራ ክርክር ለመወሰን ሥልጣን ላለው አካል፣ ለምሳሌ ለፍርድ ቤት፣ ማቅረብ ነው። ሁለተኛው አዋጁን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት አካል አቤቱታ ማቅረብ ሲሆን፣ ሦስተኛው አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ሲያምን ወይም ከዕዳው ከፊሉን ሲከፍል ነው። በዚህ በሦስተኛው ምክንያት ይርጋው ሊቋረጥ የሚችለው ግን በድምሩ ከሦስት ጊዜ ላልበለጠ ነው።

እንግዲህ ጥሩ የደመወዝ ጥያቄ ደብዳቤ ዋና ሥራው አሠሪውን እንዲጽፍ ማድረግ ነው። «አዎ፣ ይህን ያህል ገንዘብ አለብን፤ በዚህ ቀን እንከፍላለን» የሚል፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት አጭር ወረቀት ከተገኘ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። በቃል የተነገረ ተስፋ፣ በቡና ሰዓትም ይሁን በሠራተኞች ስብሰባ ላይ፣ ይህን አያደርግም።

ጉዳዩን በምሳሌ እንየው። አንዲት ሴት በአዲስ አበባ ባለ የግንባታ ድርጅት ውስጥ በንብረት ክፍል ትሠራለች እንበል። የሥራ ውሏ አንቀጽ 5 ወርኃዊ ደመወዟ ያልተጣራ ብር 14,500 እንደሆነና በየወሩ መጨረሻ ቀን እንደሚከፈል ይገልጻል። የጥር፣ የየካቲት፣ የመጋቢትና የሚያዝያ 2017 ደመወዝ አልተከፈላትም። አራቱ ሲደመሩ ብር 58,000 ይሆናሉ።

ገንዘቡን ስታሰላ መነሻዋ በውሉ የተጻፈው ያልተጣራ ደመወዝ መሆን አለበት። ብዙ ሠራተኛ በእጁ የሚደርሰውን የተጣራ ገንዘብ ብቻ ይጠይቃል። ግብሩንና የጡረታ መዋጮውን ቀንሶ ለሚመለከተው አካል ማስገባት የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ሠራተኛዋ ራሷ ቀንሳ ከጠየቀች በኋላ የሚመጣው ሒሳብ ይምታታል። የግንቦት ወርንም ገና ጊዜው ስላልደረሰ አታካትተውም። ያልደረሰ ዕዳ የተቀላቀለበት ደብዳቤ አሠሪው «ሒሳቡ ልክ አይደለም» ብሎ የሚሸሽበት ቀዳዳ ይሆናል።

ደብዳቤዋ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

ቀን፦ ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለ………… የግንባታ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ያልተከፈለኝን የአራት ወር ደመወዝ ይመለከታል

ከድርጅቱ ጋር ጥቅምት 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በተፈራረምነው የሥራ ውል መሠረት በንብረት ክፍል ሠራተኛነት እየሠራሁ እገኛለሁ። በውሉ አንቀጽ 5 ድርጅቱ በየወሩ መጨረሻ ቀን ያልተጣራ ብር 14,500 ሊከፍለኝ ተስማምቷል። ሆኖም ሥራዬን ሳላቋርጥ የሠራሁባቸው የጥር፣ የየካቲት፣ የመጋቢትና የሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ደመወዝ፣ በድምሩ ብር 58,000፣ እስካሁን አልተከፈለኝም።

ስለዚህ ድርጅቱ በሥራ ውሉ አንቀጽ 5 እና በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ይህንን ገንዘብ እስከ ዓርብ ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ደመወዜ በሚገባበት የባንክ ሒሳብ እንዲከፍለኝ እጠይቃለሁ። በአንድ ጊዜ መክፈል የማይቻል ከሆነ፣ ያለበትን የገንዘብ መጠንና የሚከፍልባቸውን ቀናት ጠቅሶ እስከ ግንቦት 12 ቀን በጽሑፍ እንዲያሳውቀኝ እጠይቃለሁ። በተጠቀሱት ቀናት ክፍያም ሆነ የጽሑፍ መልስ ካላገኘሁ መብቴን በሕግ ለማስከበር እገደዳለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስምና ፊርማ
አባሪ፦ የሥራ ውል ቅጂ

ደብዳቤው ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና ስለ አከራይ ቁጣ አንድም ቃል የለውም። ችግሩ እውነት ነው፤ ቦታው ግን እዚህ አይደለም። በችግር የተሞላ ደብዳቤ የአማላጅነት ማመልከቻ ይመስላል፣ ሥራ አስኪያጁም እንደ ማመልከቻ «ይታይ» ብሎ ይመራዋል። ስድብና «ፖሊስ አመጣለሁ» የሚል ዛቻም የለበትም፤ ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠየቀው በሥራ ክርክር መንገድ እንጂ በፖሊስ ጣቢያ አይደለም። ደግሞም ይህ ወረቀት አንድ ቀን ዳኛ ፊት ሊቀርብ ይችላል።

ቀኑም በዘፈቀደ አልተመረጠም። «በአስቸኳይ» የሚለው ቃል የመክፈያ ቀን አይሆንም፤ መቼ እንዳለፈ ማንም ሊያሳይ አይችልም። ግንቦት 22 ለድርጅቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ይሰጠዋል፣ ለእሷም የጥር ደመወዝ በይርጋ ከመታገዱ በፊት ሁለት ወር ያህል ይተርፋታል። ደብዳቤውን የምትጽፈው በሰኔ መጨረሻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ቀን መስጠት አይገባትም ነበር። የዕፎይታው ርዝመት የሚለካው ካልተከፈሉት ወራት ሁሉ በቀደመው ወር ነው።

ቀጥሎ የማስገባቱ ጉዳይ አለ። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጃል፤ አንዱ መዝገብ ቤት ወይም ጸሐፊዋ ዘንድ ይቀራል፣ በሌላው ላይ የተቀባዩ ስም፣ ፊርማ፣ ቀንና ማኅተም ተደርጎበት ከሠራተኛዋ ጋር ይመለሳል። «አንቀበልም» ካሉ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ይላካል፣ ደረሰኙም ይቀመጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በግልባጩ ላይ ያረፈው ማኅተም ደብዳቤው መድረሱን ብቻ ያሳያል፤ አሠሪው ዕዳውን አምኗል ማለት አይደለም። ማኅተሟን አይታ ተረጋግታ የተቀመጠች ሠራተኛ ቆጠራውን ያቆመች ይመስላታል እንጂ አላቆመችም።

ከዚያ በኋላ ከሦስት ነገሮች አንዱ ይሆናል። የጽሑፍ መልስ ከመጣ የገንዘቡ መጠን መጠቀሱን ማየት ያሻል። «ችግሩን እናውቃለን፣ በሂደት እንፈታዋለን» የሚል መልስ ስለ ዕዳው መጠንም ስለ ቀኑም ምንም አይናገርም፤ ስለዚህ በማግሥቱ «የብር 58,000 ዕዳውን ማመናችሁን በግልጽ ጻፉልኝ» የሚል ሁለት መስመር መልሶ መላክ ያስፈልጋል። ከፊል ክፍያ ከተሰጠም የየትኛው ወር ደመወዝ እንደሆነ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ገንዘቡ ሲሰጥ «ከድርጅቱ የምጠይቀው ቀሪ መብት የለኝም» የሚል ወረቀት እንድትፈርም የሚያቀርቡላትም አሉ። የአንድ ወር ደመወዝ ተቀብሎ በአራት ወር ላይ መፈረም ማለት ነውና የተቀበለችውን መጠን ብቻ የሚገልጽ ደረሰኝ ልትጠይቅ ይገባል።

ሦስተኛው ዝምታ ነው። ግንቦት 22 ካለፈ ሁለተኛ ደብዳቤ፣ ሦስተኛ ደብዳቤ እያሉ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው። መንገዱ ወደ ሥራና ክህሎት ቢሮ የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ክፍል፣ ወይም በቀጥታ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት አይከፈልም፤ ችሎቱም ክሱ በቀረበ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲወስን አዋጁ ያዛል። በተግባር ቀጠሮው ከዚያ ሊረዝም ይችላል፤ ክሱ ከቀረበ በኋላ ግን ይርጋው አያሠጋም። ውሉ፣ ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ፣ ደመወዝ መግባት ያቆመበትን ወር የሚያሳይ የባንክ መግለጫና በነዚያ ወራት ሥራ ላይ መዋሏን የሚያሳይ ማንኛውም ወረቀት ከክሱ ጋር ይያያዛሉ። በጽሑፍ የተደረገ ውል የሌለውም ሰው መብቱን አያጣም። አሠሪው የሥራ ውሉን ዝርዝር በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መስጠት ነበረበት፤ አለመስጠቱ ሠራተኛውን አይጎዳም።

በመሐል «ሥራውንስ ትቼ ብቀርስ?» የሚል ፈተና ይመጣል። ዝም ብሎ መቅረት ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ መቅረት ራሱ የማሰናበቻ ምክንያት ሆኖ ጉዳዩን ይገለብጠዋል። አሠሪው መሠረታዊ ግዴታውን በተደጋጋሚ ካልተወጣ የአዋጁ አንቀጽ 32 ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን እንድታቋርጥ ይፈቅድላታል፣ ነገር ግን ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ ማሳወቅ አለባት። ይህን መብት ለመጠቀም ያለው ጊዜም አጭር ነው፦ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ካቆመበት ቀን ጀምሮ 15 የሥራ ቀናት ብቻ። በዚህ መንገድ ከለቀቀች ያልተከፈላት ደመወዝ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈላት ይገባል፤ አሠሪው ከአቅሙ በላይ የሆነ ምክንያት ሳይኖረው ከዚያ ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊወስንበት ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚመለከተው አዋጁ የሚሸፍናቸውን ሠራተኞች ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው። የሥራ መሪዎችና በሰው ቤት የሚቀጠሩ የቤት ሠራተኞችም ከአዋጁ ውጭ ናቸው። እነሱም ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ውላቸውን ይጠቅሳሉ፤ የጊዜ ገደቡንና የሚሄዱበትን ችሎት ግን ከዚህ ጽሑፍ አይውሰዱ።

ደመወዝ ካልተከፈለዎት ዛሬውኑ የሥራ ውልዎን አውጥተው የመክፈያ ቀኑን የሚናገረውን አንቀጽ ያንብቡ፣ ካልተከፈሉት ወራት የቀደመውን ይለዩና ስድስት ወሩ የሚያልቅበትን ቀን በወረቀት ላይ ይጻፉ። ደብዳቤዎ ላይ የሚያስቀምጡት የመክፈያ ቀን ከዚያ ቀን ቀደም ብሎ፣ ለክስ ዝግጅት የሚበቃ ጊዜ ትቶ መዋል አለበት።