የመነሻ ገጽ የመጫኛ ጊዜን መቀነስ

የመነሻ ገጽ የመጫኛ ጊዜ ማለት አንድ ሰው የድረ ገጹን አድራሻ ከከፈተበት ቅጽበት አንሥቶ የመጀመሪያው ገጽ ተነብቦ ሲነኩትም መልስ እስከሚሰጥ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ይህን ጊዜ ለማሳጠር በብዛት የሚሠራባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፦ ምስሎችን መጭመቅ፣ የማያስፈልጉ ስክሪፕቶችን ማስወገድና መሸጎጫን በአግባቡ መጠቀም። ሦስቱ የሚፈቱት ችግር አንድ አይደለም። ምስልን መጭመቅ በኔትወርኩ የሚያልፈውን ሸክም ያቀላል። ስክሪፕት መቀነስ የስልኩን ሥራ ያቃልላል። መሸጎጫ ደግሞ ገጹን በድጋሚ ለሚከፍት ሰው ይጠቅማል።

## ለምሳሌ የተወሰደ ገጽ

በደቡብ ወሎ የሚገኘው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች አሉት። እንዲህ ባለ ተቋም የተመደበ አዲስ ተማሪ በየትኛው ቀን ወደየትኛው ግቢ እንደሚሄድ የሚያውቀው ከጥሪ ማስታወቂያ ነው። የጃማ ወረዳ ከተማ በሆነችው በደጎሎ ያለ ተማሪ ማስታወቂያውን የሚፈልገው በአብዛኛው በስልኩ፣ በገዛው የዳታ ጥቅል ነው።

ከዚህ በታች ያለው ስሌት የየትኛውም ተቋም ትክክለኛ ገጽ ሳይሆን ለማስረዳት የታሰበ የዩኒቨርሲቲ መነሻ ገጽ ነው። ገጹ ላይ እየተቀያየሩ የሚታዩ 5 ፎቶዎች አሉ፤ እያንዳንዱ 2.4 ሜጋባይት ነው። ስክሪፕቶቹ በድምሩ 600 ኪሎባይት፣ ጽሑፉ፣ የቅርጽ ፋይሉና ፊደሉ ደግሞ 400 ኪሎባይት ናቸው። ጠቅላላው 13 ሜጋባይት ይሆናል። ግንኙነቱ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢያሳልፍ፣ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ 13 በ8 ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል 52 ሰከንድ ይመጣል። ሲግናሉ ሲደክም ደግሞ ከዚህም ይረዝማል።

## ምስሎችን መጭመቅ

የስልክ ካሜራ የሚያነሣው ፎቶ ብዙ ጊዜ 4000 በ3000 ፒክስል፣ ማለትም 12 ሚሊዮን ነጥብ ነው። የስልክ ስክሪን ግን ይህን ሁሉ ማሳየት አይችልም። ስለዚህ ከጥራቱ በፊት የሚቀነሰው ስፋቱ ነው። ፎቶው ወደ 800 በ600 ሲወርድ 480,000 ነጥብ ብቻ ይቀረዋል፤ ይህም ከመጀመሪያው 25 ጊዜ ያነሰ ነው። ከዚያ በኋላ ጥራቱን በመጠኑ ዝቅ አድርጎ ዌብፒ በተባለው ቅርጸት ማስቀመጥ ይቻላል። ጉግል በ2010 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ይህ ቅርጸት በተመሳሳይ ጥራት አብዛኛውን ጊዜ ከጄፔግ ያነሰ ፋይል ይሰጣል።

```
cwebp -q 75 -resize 800 0 gibi.jpg -o gibi-800.webp
```

በትእዛዙ ውስጥ 75 የጥራት ደረጃው፣ 800 ስፋቱ ነው፤ 0 ደግሞ ቁመቱ በምጣኔው እንዲሰላ ያደርጋል። ፕሮግራሙ ከፎቶው ጋር የተያዘውን የአቅጣጫ መረጃ ስለማያስተላልፍ ቆሞ የተነሣ ፎቶ ተጋድሞ ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ፎቶው አስቀድሞ ሊስተካከል ይገባል። እያንዳንዱ ፎቶ 80 ኪሎባይት ቢሆን አምስቱ 400 ኪሎባይት ይሆናሉ፤ ጠቅላላው ገጽም ከ13 ወደ 1.4 ሜጋባይት፣ ጊዜው ወደ 5.6 ሰከንድ ይወርዳል።

መጭመቅ ግን ወሰን አለው። ብዙ ማስታወቂያዎች ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ስካን ተደርጎ ወይም በስልክ ተነሥቶ የሚለጠፉ ናቸው። እንዲህ ያለ ምስል ሲጨመቅ የፊደሎቹ ጠርዝ ይደበዝዛል። የግዕዝ ፊደላት ደግሞ የሚለያዩት በትንንሽ ቅጥያዎች ነው፤ ቁጥሮችም ቢሆኑ 3 እና 8 ይምታታሉ። መፍትሔው ማስታወቂያውን በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ 1,000 ፊደል ያለው ማስታወቂያ ወደ 3 ኪሎባይት ብቻ ነው። ማኅተም ያለበት ቅጂ ለሚፈልግ ሰው ምስሉን በማያያዣ መስጠት ይቻላል።

## የማያስፈልጉ ስክሪፕቶችን ማስወገድ

100 ኪሎባይት ፎቶና 100 ኪሎባይት ስክሪፕት በኔትወርኩ ላይ እኩል ናቸው፤ በስልኩ ላይ ግን እኩል አይደሉም። ስክሪፕት ከወረደ በኋላ መተርጎምና መሠራት አለበት። በርካሽ ስልክ ላይ ይህ ሥራ እስኪያልቅ ድረስ ገጹ ቢታይም ሲነኩት አይሰማም።

ብዙ ድረ ገጾች የሚሠሩበት ወርድፕሬስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሚጨመሩለት ቅጥያዎች አንዳንዶቹ ስክሪፕታቸውን በሁሉም ገጽ ላይ ይጭናሉ። ኮንታክት ፎርም 7 የተባለው የመልእክት ቅጽ፣ ካልተከለከለ በቀር፣ ቅጹ በሌለበት ገጽም ስክሪፕቱን ይልካል። ከመነሻ ገጽ ላይ ብቻ እንዲህ ይነሣል፦

```php
add_action( 'wp_enqueue_scripts', function () {
  if ( is_front_page() ) {
    wp_dequeue_script( 'contact-form-7' );
  }
}, 100 );
```

የትኛው ስክሪፕት ትርፍ እንደሆነ በግምት አይወሰንም። በክሮም አሳሽ የአበልጻጊ መሣሪያ ውስጥ `Coverage` የሚለው ክፍል ከእያንዳንዱ ፋይል ስንት እጁ እንዳልተሠራበት ያሳያል። ያልተሠራበት ሁሉ ግን ትርፍ አይደለም። የማውጫው ቁልፍ እስኪነካ ድረስ የማውጫው ስክሪፕት ያልተሠራበት መስሎ ይታያል። ስለዚህ በገጹ ላይ የሚነካው ሁሉ ተነክቶ ከታየ በኋላ ነው መፍረድ የሚቻለው። ከተወገደ በኋላም ገጹ በስልክ ተከፍቶ፣ ማውጫውና መፈለጊያው መሥራታቸው ይረጋገጣል።

በምሳሌው ገጽ ፎቶዎቹን የሚያቀያይረው፣ ካርታውንና የመልእክት ቅጹን የሚጭኑት ስክሪፕቶች ሲነሡ ከ600 ኪሎባይት 150 ይቀራል እንበል። ፎቶዎቹ መቀያየራቸው ስለቆመ አንዱ ብቻ ይበቃል። አዲሱ ድምር 80፣ 150 እና 400፣ ማለትም 630 ኪሎባይት ነው። ይህም በዚያው ግንኙነት 2.5 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል።

## መሸጎጫ

መሸጎጫ አሳሹ አንድ ጊዜ ያወረደውን ፋይል በስልኩ ላይ አስቀምጦ በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያው የሚያነብበት ስፍራ ነው። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ የሚነግረው ሰርቨሩ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው መሸጎጫ ምንም አይጠቅምም፤ ፎቶዎቹን ሳይጨምቁ በመሸጎጫ ብቻ መመካት የማይበጀውም በዚህ ምክንያት ነው።

አደጋውም ያለው እዚህ ነው። ዩኒቨርሲቲው የመግቢያውን ቀን ቢያራዝምና ገጹ ለ7 ቀን እንዲሸጎጥ ታዝዞ ከነበረ፣ ትናንት ገጹን የከፈተው ተማሪ ዛሬም የድሮውን ቀን ሊያይ ይችላል። ገጹ በፍጥነት ይከፈትለታል፤ እርሱ ግን በተሳሳተው ቀን ከደጎሎ ይነሣል። ስለዚህ ለጽሑፉና ለሌሎቹ ፋይሎች የሚሰጠው ትእዛዝ የተለያየ ነው። ማስታወቂያው ያለበት ገጽ ይህን ይይዛል፦

```
Cache-Control: no-cache
```

ስሙ እንደሚመስለው ይህ «አታስቀምጥ» ማለት አይደለም፤ «አስቀምጥ፣ ነገር ግን ከመጠቀምህ በፊት ጠይቅ» ማለት ነው። ገጹ ካልተለወጠ ሰርቨሩ `304` ብሎ አጭር መልስ ይሰጣል፤ ገጹ ከነሙሉ አካሉ እንደገና አይወርድም። ጨርሶ እንዳይቀመጥ የሚያዘው `no-store` ነው። ምስል፣ ስክሪፕትና ፊደል ደግሞ ለ365 ቀን ሊቀመጡ ይችላሉ፦

```
Cache-Control: max-age=31536000, immutable
```

ይህ የሚያዋጣው ፋይሉ በተለወጠ ቁጥር ስሙም ከተለወጠ ነው፤ ለምሳሌ `menu-v1.js` ወደ `menu-v2.js`። ስሙ ካልተለወጠ አሳሹ አሮጌውን ፋይል እስከ ዓመት ድረስ ሊጠቀም ይችላል።

## ውጤቱን መለካት

ገጹን የሠራው ሰው በራሱ ኮምፒውተር ሲከፍተው ፋይሎቹ አስቀድመው ስለተሸጎጡ ሁልጊዜ ፈጣን ይመስለዋል። ትክክለኛው የመጀመሪያ ጉብኝት የሚታየው በ`Network` ክፍል `Disable cache` ተመርጦ፣ የግንኙነቱም ፍጥነት ወደ `3G` ዝቅ ተደርጎ ነው። ቀጥሎ ምርጫው ተነሥቶ ገጹ እንደገና ይከፈታል። ምስሎቹ በዚህኛው ዙር እንደገና ከወረዱ የመሸጎጫው ትእዛዝ አልሠራም ማለት ነው። በመጨረሻም በማስታወቂያው ላይ አንድ ቃል ተለውጦ፣ ገጹ ቀደም ሲል በተከፈተበት ስልክ ላይ አዲሱ ቃል መታየቱ ይፈተሻል።