ሁለት ክፍል፣ ሁለት ካሜራ፣ አንድ ኒካህ

በሰርግ ቀን ከሚቀረፀው ሁሉ ሊደገም የማይችለው ኒካሁ የሚታሰርበት ቅጽበት ነው። ሙሽራው ከመኪና ሲወርድ ካሜራው ቢያመልጠው ተመልሶ ግባና ውረድ ሊባል ይችላል። ወሊዩ “ልጄን በዚህ መህር ድሬልሃለሁ” ብሎ ሙሽራውም “ተቀብያለሁ” ካለ በኋላ ግን ለቀረፃ ተብሎ ድገሙት አይባልም።

እንደሚታወቀው በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ ኒካሁ የሚታሰረው ወንዶቹ በተሰበሰቡበት ክፍል ሲሆን፣ ሙሽራይቱና እናቷ ከሴቶቹ ጋር በሌላ ክፍል ሆነው በሞንታርቦ ያዳምጣሉ። በመሆኑም አንዱ ካሜራ ከወንዶቹ ዘንድ ይቆማል፤ ሌላውን አንዲት እህት ይዛ ከሴቶቹ ዘንድ ትቀርፃለች። ቤተሰቡ ኋላ ማየት የሚፈልገው ሙሽራው “ተቀብያለሁ” ሲል የሙሽራይቱ እናት ፊት እንዴት እንደነበረ ነው። ሁለቱ ቀረፃዎች በትክክል ካልተገጣጠሙ እናትየው ቃሉ ሳይነገር ታለቅሳለች፣ ወይም ቃሉ ካለፈ በኋላ ዝም ብላ ትታያለች። የሆነው ነገር በፊልሙ ላይ ሐሰት ይሆናል ማለት ነው።

ከመለያየት በፊት የሚደረግ ጭብጨባ

ሁለት ካሜራዎች በአንድ ቅጽበት አይነሱም፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ደቂቃ ቀድሞት ወይም ዘግይቶበት ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱም የሚያውቁት አንድ የጋራ ነጥብ ያስፈልጋቸዋል። ቀላሉ ነጥብ ጭብጨባ ነው። እጅ ከእጅ ሲገናኝ በምስሉ ላይ ይታያል፤ በድምፁ መስመር ላይም እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በኤዲቲንግ ጊዜ ሁለቱ መርፌዎች ከተደራረቡ ቀረፃዎቹ ተገጣጠሙ።

ክፍሎቹ ሁለት ሲሆኑ ግን በአንዱ ክፍል የተጨበጨበውን ሌላው አይሰማም። መፍትሔው ካሜራዎቹ ከመለያየታቸው በፊት እንግዶች ሳይገቡ ጎን ለጎን አቁሞ ሁለቱንም ማስነሳት፣ በፊታቸው አንድ ጊዜ ማጨብጨብ፣ ከዚያም ሳያጠፉ ወደየክፍላቸው መውሰድ ነው። ሸሁ ኹጥባ ከጀመሩ በኋላ ማጨብጨብ ለመጅሊሱም አይገባም።

ጎን ለጎን የተባለው በምክንያት ነው። ድምፅ በሴኮንድ የሚጓዘው 340 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከአጨብጫቢው 17 ሜትር ርቆ የቆመ ካሜራ ድምፁን የሚሰማው ከሴኮንድ ሃያኛ እጅ በኋላ ነው። በሴኮንድ 25 ምስል፣ ማለትም 25 ፍሬም በሚቀርፅ ካሜራ ይህ ከአንድ ፍሬም ይበልጣል። በሁለቱም ካሜራዎች ላይ የፍሬሙ ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑንም አስቀድሞ ማየት ይገባል፤ አንዱ በ25 ሌላው በ30 ከሆነ ኋላ በኤዲቲንግ ጣጣ ያመጣል።

ስሌቱ በምሳሌ

የወንዶቹ ካሜራ ከተነሳ ከ12 ሴኮንድ ከ5 ፍሬም በኋላ፣ የሴቶቹ ካሜራ ደግሞ ከተነሳ ከ1 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ከ20 ፍሬም በኋላ ጭብጨባው ተሰማ እንበል። ሁለተኛው ቁጥር ላይ የመጀመሪያው ሲቀነስ 1 ደቂቃ ከ28 ሴኮንድ ከ15 ፍሬም ይቀራል። የሴቶቹ ካሜራ ይህን ያህል ቀድሞ ተነስቷል፤ ስለዚህ የወንዶቹ ቀረፃ ይህን ያህል ወደ ፊት ተገፍቶ ይቀመጣል።

ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም። ፕሮግራሙ ሲጠናቀቅ ካሜራዎቹን መልሶ በማገናኘት አሁንም ሳያጠፉ ሁለተኛ ጭብጨባ ማድረግ ያስፈልጋል። በወንዶቹ ካሜራ ሁለቱ ጭብጨባዎች መካከል ልክ 80 ደቂቃ፣ በሴቶቹ ካሜራ ግን 80 ደቂቃ ከ3 ፍሬም ቢገኝ፣ የካሜራዎቹ ውስጣዊ ሰዓቶች እኩል አልሄዱም ማለት ነው። በሁለት የእጅ ሰዓቶች መካከል ልዩነት እንደሚፈጠረው ሁሉ ይህም የተለመደ ነው። መጀመሪያው ላይ የተገጣጠመው መጨረሻው ላይ በ3 ፍሬም ይለያያል፤ የተናጋሪ ከንፈርና ድምፅ በዚህ ያህል ሲለያዩ ደግሞ ብዙ ሰው ያስተውለዋል።

ማስተካከያው ከሴቶቹ ቀረፃ ላይ 3 ፍሬም በተለያየ ቦታ መቀነስ ነው። በ13ኛው፣ በ40ኛውና በ67ኛው ደቂቃ አካባቢ፣ ምስሉ ከሴቶቹ ወደ ወንዶቹ በሚዞርበት ቦታ አንድ አንድ ፍሬም ቢወጣ ስህተቱ የትም ቦታ ከግማሽ ፍሬም ብዙ አይርቅም። ሁለተኛው ጭብጨባ ባይኖር ኖሮ ግን ልዩነቱ ስንት እንደሆነ የሚነግረን አልነበረም።

ካሜራው ከጠፋስ?

የጭብጨባ ድክመቱ ቀረፃው በተቋረጠ ቁጥር ነጥቡ መጥፋቱ ነው። በተለይ ለፎቶግራፍ የተሠሩ ብዙ ካሜራዎች 29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ሲሞላ በራሳቸው ያቆማሉ። እህታችን መልሳ ብታስነሳው አዲሱ ቀረፃ ከቀድሞው ጭብጨባ ጋር ግንኙነት የለውም። የወሊዩ ድምፅ በሞንታርቦ ወደ ሴቶቹ ክፍል የሚደርስ ከሆነ በእሱ ማገጣጠም ይቻላል፤ በክፍሉ ድምፅ ከሌለ ግን መያዣ የለም።

ታይምኮድ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ታይምኮድ በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ የሚታተም ሰዓት ነው፤ 10:42:17:09 የሚል ቢነበብ 10 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ፣ 9ኛው ፍሬም ማለት ነው። የታይምኮድ መግቢያ ባላቸው ካሜራዎች ላይ ሜኑ ውስጥ `Free Run` የሚለው ይመረጣል፤ ካሜራው ቢጠፋም ሰዓቱ ይቆጥራል። `Rec Run` ከተመረጠ ግን የሚቆጥረው ሲቀርፅ ብቻ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም።

መግቢያው ለሌላቸው ካሜራዎች ክብሪት ቀፎ የሚያህሉ የታይምኮድ ሳጥኖች አሉ። ጠዋት እርስ በርስ ይገጣጠሙና እያንዳንዱ በየካሜራው የማይክሮፎን ቀዳዳ ይሰካል። ሰዓቱን እንደ ጩኸት በአንዱ የድምፅ መስመር ላይ ያስቀርፃሉ። በኤዲቲንግ ጊዜ ለምሳሌ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ `Update Timecode from Audio Track` የሚለው ሲታዘዝ ጩኸቱ ወደ ሰዓት ይለወጣል፤ ከዚያ ያ መስመር ከፊልሙ እንዲጠፋ ይደረጋል። ሳጥኑ አንዱን የድምፅ መስመር ስለሚወስድ ለወሊዩና ለሙሽራው ንግግር ራሱን የቻለ መቅጃ ማዘጋጀት ይመረጣል። ይሁን እንጂ ሳጥኑ ለእያንዳንዱ ቀረፃ የሚሰጠው በአብዛኛው የመነሻውን ሰዓት ነው። 80 ደቂቃ ያለማቋረጥ ከተቀረፀ ያ የ3 ፍሬም ልዩነት በውስጡ አለ። ስለሆነም ሳጥን ያለው ሰው ከኹጥባው በፊት አቁሞ እንደገና ቢያስነሳ ይሻለዋል፤ ጭብጨባ ብቻ ያለው ግን ፈጽሞ ማቆም የለበትም።

የሴቶቹ ምስል በማን እጅ ይሁን?

በሰርጉ ላይ ሒጃባቸውን ያወለቁ እህቶች ምስላቸው በወንድ ኤዲተር ፊት እንዲያልፍ አይፈልጉም። ማገጣጠም ምስል ማየትን የግድ አይጠይቅም። ከወንዶቹ ካሜራ ቀረፃው ወደ ሴቷ ኤዲተር ይላካል፤ እሷም በጭብጨባው ድምፅ ወይም በታይምኮዱ ከራሷ ጋር ታገጣጥመዋለች። የሴቶቹ ሚሞሪ ካርድ ከቤተሰቡ እጅ ሳይወጣ እናትየው “ተቀብያለሁ” የሚለውን ቃል የሰማችበት ፍሬም ከቃሉ ጋር በቦታው ይቀመጣል። ይህን አሠራር ከቀራጮቹ ጋር መነጋገር የሚገባው ቀብድ ሲከፈል እንጂ ሰርጉ ካለፈ በኋላ አይደለም።