«ሴማዊ» የቋንቋ ስም እንጂ የደም ስም አይደለም

በመምህርነት ጊዜያችን የቋንቋዎችን ዝምድና ለማስረዳት ሰሌዳ ላይ ዛፍ እንስል ነበር። ከአንዱ ቅርንጫፍ ላይ ዐረብኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ግዕዝ፣ አማርኛ፣ ሐረሪ፣ ስልጢኛና አርጎብኛ ይንጠለጠላሉ፤ ከሌላው ላይ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አፋርኛና አገውኛ። ስለን ሳንጨርስ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «እንግዲያው አማርኛ የሚናገረው ከዐረብ ዘር ነው፣ ኦሮምኛ የሚናገረው ግን አይደለም ማለት ነው?»

ይህ ጥያቄ ዛሬ ከክፍል ወጥቶ አደባባይ ላይ ነው። «ሴም» እና «ኩሽ» የተባሉት የቋንቋ ስሞች የደም ስም ተደርገው ሰው ሰውን «መጤ» ለማለት ሲጠቀምባቸው እናያለን። በአንድ መስጊድ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የሚሰግዱ ሰዎች ሳይቀሩ በዚህ ይለያያሉ። ስለዚህ ነገሩን ከመነሻው እንመልከተው።

ስሙ ከየት መጣ?

«ሴማዊ» የሚለውን ስያሜ ለቋንቋዎች የሰጠው አውግስት ሉድቪግ ፎን ሽሎትሰር የተባለ ጀርመናዊ ምሁር ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1781 ነው። ስሙን የወሰደው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 10 ላይ ካለው የነቢዩ ኑሕ (ዐ.ሰ.) ልጆች የትውልድ ዝርዝር ነው። ችግሩ ግን ያው ዝርዝር ራሱ ከቋንቋዎቹ ጋር አለመግጠሙ ነው። እዚያ ላይ ከነዓን የካም ልጅ ተብሎ ተመዝግቧል። የከነዓናውያንና የፊንቄያውያን ቋንቋ ግን የዕብራይስጥ የቅርብ እህት፣ ማለትም ጥርት ያለ «ሴማዊ» ነው። ስያሜው ለቋንቋ መጠሪያነት ስለተመቸ ብቻ የቀጠለ ነው፤ የማንንም የዘር ሐረግ አያረጋግጥም።

የቋንቋ ዝምድና እንዴት ይታወቃል?

የቋንቋ ሊቃውንት የሰውን ደም አይመረምሩም። የሚያነጻጽሩት ቁጥሮችን፣ የአካል ክፍሎችን ስሞች፣ ተውላጠ ስሞችንና የግስ እርባታን ነው። በአማርኛ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ብለን እንቆጥራለን። በዐረብኛ «አርበዐህ፣ ኸምሰህ፣ ሲተህ፣ ሰብዐህ» ነው። በኦሮምኛ ግን «አፉር፣ ሸን፣ ጀአ፣ ቶርባ» ይባላል፤ ይህም ከሶማሊኛው «አፈር፣ ሸን» ጋር ይገጥማል። የአማርኛና የዐረብኛ ግንኙነት በዚህ ይታያል።

አሁን ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን እንይ። «ልጁ ዳቦ በላ» የሚለው በኦሮምኛ «ሙጫን ዳቦ ኛቴ» ነው፤ ግሱ በሁለቱም መጨረሻ ላይ ይመጣል። በዐረብኛ ግን «አከለ አል-ወለዱ አል-ኹብዘ» ተብሎ ግሱ ይቀድማል። ግዕዝም እንደ ዐረብኛው ግሱን ማስቀደም ይወድ ነበር። እንዲሁም ውሻ በዐረብኛም በግዕዝም «ከልብ» ሲሆን፣ አማርኛው «ውሻ» ግን ሊቃውንት ከኩሽ ቋንቋዎች ገባ የሚሉት ቃል ነው።

ይህ ምን ያሳያል? ሥረ መሠረቱ ሴማዊ የሆነን ቋንቋ ኩሻዊ ቋንቋ ይናገሩ የነበሩ ሰዎች ተቀብለው በራሳቸው አነጋገር ልማድ ቀርጸውታል። አዲስ ቋንቋ የሚማር ሰው ቃሉን ይይዛል እንጂ የቀድሞ አነጋገሩን በአንዴ አይጥልም። አማርኛ ራሱ የሁለት ወገን አሻራ ያለበት ቋንቋ ነው።

ሁለት የተለያዩ መንገዶች

ቋንቋ እና ዘር ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፉበት መንገድ አንድ አይደለም። ልጅ ከእናቱ ግማሽ፣ ከአባቱ ግማሽ የዘር ቅንጣት ይወስዳል፤ መምረጥ አይችልም። ወደ ኋላ ስንቆጥር ወላጆች 2፣ አያቶች 4፣ ቅድመ አያቶች 8 እያሉ በአሥረኛው ትውልድ የቅድመ አያት ቦታዎች 1,024 ይደርሳሉ። ይህ ከ250 እስከ 300 ዓመት ያህል ብቻ ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ግን ከነዚህ ሁሉ ተቀላቅሎ አይመጣም። ልጁ የሚይዘው በቤቱ፣ በገበያውና በመድረሳው የሚሰማውን አንድ ወይም ሁለት ቋንቋ ነው። ከዚያም በላይ ቋንቋ በአንድ ትውልድ ሊለወጥ ይችላል፤ የተወረሰ ዘር ግን አይለወጥም።

የአርጎባ ወገኖቻችን ታሪክ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አርጎብኛ ከአማርኛ ጋር በጣም የሚቀራረብ ሴማዊ ቋንቋ ነው። በወሎ በኩል በሾንኬና በጦላሃ ቋንቋው በሕይወት አለ። በሌሎች በርካታ የአርጎባ መንደሮች ሕዝቡ ወደ አማርኛ ዞሯል። በሐረር አካባቢ የሚኖሩት ደግሞ ኦሮምኛ ተናጋሪ ሆነዋል። እነዚህ ወደ ኩሻዊ ቋንቋ ሲሻገሩ የቋንቋ ቤተሰባቸው ተቀየረ፤ ደማቸው ግን አልተቀየረም። ዛሬ አንድ ሰው በቋንቋ ብቻ ቢመድባቸው ወንድማማቾቹን በሁለት «ዘር» ይከፍላቸዋል።

በተቃራኒው አቅጣጫም ሆኗል። ቅማንትኛ ኩሻዊ፣ የአገው ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በተደረገው ቆጠራ ቅማንት ነን ያሉት ከ170 ሺህ በላይ ሲሆኑ ቋንቋውን አፍ የፈቱበት ግን ከ2 ሺህ ያነሱ ነበሩ። የቀሩት ወደ ሴማዊው አማርኛ ገብተው ነበር።

የዘር ምርመራው ምን አገኘ?

እ.ኤ.አ. በ2012 ሉካ ፓጋኒና ባልደረቦቹ ከኢትዮጵያና ከጎረቤት የተውጣጡ የ235 ሰዎችን ዘረመል መርምረው ውጤቱን አሳትመዋል። ሴማዊና ኩሻዊ ተናጋሪ የሆኑት፣ ማለትም አማራው፣ ትግሬው፣ ኦሮሞውና ሶማሌው፣ በምርመራው ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ። በሁለቱም ዘንድ ከአፍሪካ ውጭ የመጣው ድርሻ በአማካይ ከ40 እስከ 50 በመቶ ያህል ነው። መቀላቀሉም ከዛሬ 3,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ተገምቷል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር ሴማዊ ቋንቋ ወደ አገራችን ገባ ከሚባልበት ዘመን ጋር ይቀራረባል፤ ስለዚህ ቋንቋውን ያመጡ ሰዎች አልነበሩም ማለት አይቻልም። ነበሩ፤ ይህም ከእስልምና መምጣት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ይቀድማል። ነገር ግን የመጡት ሰዎች ደም ቋንቋቸውን በተቀበሉት ላይ ብቻ አልቀረም፤ ኩሻዊ ቋንቋውን ይዞ በቀጠለው ሕዝብም ውስጥ ገብቷል። ቋንቋው ወደ አንዱ ወገን ሄደ፣ ደሙ ወደ ሁለቱም። «መጤ» እና «ነባር» የሚለው ክፍፍል በቋንቋ መስመር የማይሠራው ለዚህ ነው።

ሌላው አቅጣጫም አለ፤ በአንድ ቋንቋ የሚነጋገሩ ሰዎች በዘረመል ሊለያዩ ይችላሉ። በደቡብ ኦሞ የአሪ ሕዝብ አንድ ቋንቋ ይናገራል። ብረት ቀጥቃጮቹና አራሾቹ ግን በምርመራ ተለይተው ይታዩ ነበር። አንዳንዶች ቀጥቃጮቹ የሌላ ጥንታዊ ሕዝብ ቅሪት ናቸው ብለው ገምተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ግን ሁለቱም ከአንድ ምንጭ መውጣታቸውን አመለከተ። ልዩነቱ የመጣው ቀጥቃጮቹ ተንቀው፣ ጋብቻ ተከልክለው፣ በመካከላቸው ብቻ ሲጋቡ በመኖራቸው ነው። ጥቂት ሰዎች ብዙ ትውልድ እርስ በርስ ሲጋቡ የዘር ቅንጣታቸው ከጎረቤት ይርቃል። ልዩነቱን የፈጠረው ንቀቱ ነበር፤ ሰዎች ግን ልዩነቱን ለንቀቱ ምክንያት አደረጉት።

መልክስ?

መልክ ከሁለቱም በላይ ያታልላል። ሀውሳ የሚናገረው የናይጄሪያ ሙስሊምና ዐረብኛ የሚናገረው የሶርያ ሙስሊም ቋንቋዎቻቸው አፍሮ-እስያዊ በተባለው በአንድ ታላቅ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው፤ በመልክ ግን አይመሳሰሉም። የቆዳ ቀለም ከመላው የዘር ቅንጣታችን ጥቂቱ ብቻ የሚወስነው ነገር ሲሆን፣ ያንንም የፀሐይ ብርታት በብዙ ሺህ ዓመታት ሲመርጠው ኖሯል። በአንድ ቤት የተወለዱ አንዱ ጠይም፣ አንዱ ቀይ የሚሆኑት የሚደርሳቸው የወላጆቻቸው ግማሽ ስለሚለያይ ነው። የሁለቱም አያቶች ግን ያው ናቸው።

በእጃችን ያለው ምሳሌ

ለእኛ ሙስሊሞች ይህ ነገር እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ቡኻሪ ከኢብኑ ዐባስ በዘገቡት ረጅም ሐዲስ ውስጥ የነቢዩ ኢስማዒል (ዐ.ሰ.) ታሪክ አለ። ሃጀር ከልጇ ጋር በዘምዘም አጠገብ ሳለች ጁርሁም የሚባሉ ዐረቦች መጥተው ሰፈሩ፤ ኢስማዒልም በመካከላቸው አድጎ ዐረብኛን ከእነርሱ ተማረ፣ ከእነርሱም አገባ። የቁረይሽ ነሰብ በኢስማዒል በኩል ወደ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ይደርሳል፤ ቋንቋቸው ግን በጁርሁም በኩል የመጣ ነው። ነሰቡ በአንድ መንገድ፣ ቋንቋው በሌላ መንገድ መጣ።

የነሰብ ዕውቀትም ቢሆን አንድ ክር ነው፤ ከአባት ወደ አባት ይወጣል። ከዐረብ አገር የመጣ ሸኽ ወደ ወሎ ወይም ወደ ሐረር ገብቶ ዘር አፍርቶ ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹም ነሰባቸውን በትክክል ጠብቀው ሊሆን ይችላል። ሆኖም በአሥረኛው ትውልድ እርሱ ከ1,024ቱ ቦታዎች አንዱን ነው የያዘው። ነሰቡ እውነት መሆኑ የቀሩትን 1,023 አያስክድም።

እንግዲህ አንድ ሰው «እገሌ ሴማዊ ነው» ሲለን ቋንቋውን፣ የወላጆቹን የዘር ምንጭ ወይስ መልኩን እንደሚል እንጠይቀው። ሦስቱን በአንድ ቃል ከጠቀለላቸው የተሳሳተው እዚያ ላይ ነው። በሱረቱ አር-ሩም 22ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) የቋንቋዎቻችንን መለያየትና የመልኮቻችንን መለያየት ከተአምራቱ አድርጎ ጠቅሷል። ሁለቱን ጎን ለጎን ጠቀሳቸው፤ አንዱ የሌላው ማስረጃ ነው ግን አላለም።

ወላሁ አዕለም።