የተጋደመ ቪዲዮ፦ ምስሉን ሳይነኩ ማቃናት

በስልክ የተቀረፀ ቪዲዮ ሲከፈት ሰዉ ሁሉ በጎኑ ተኝቶ ይታያል። ድምፁ ጥሩ ነው፣ ምስሉም ጥርት ያለ ነው፤ ለማየት ግን አንገት ማዘንበል ያስፈልጋል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ቪዲዮውን አዙሮ «ኮንቨርት» የሚያደርግ ፕሮግራም ይፈልጋል፣ ወይም ለቪዲዮ ኤዲተር ይሰጣል። ቪዲዮው በርግጥ ይቃናል። ነገር ግን ሥራው ጊዜ ይፈጃል፣ የምስሉም ጥራት ይቀንሳል። ይህ ኪሳራ በአብዛኛው ያለምክንያት የሚከፈል ነው፤ የተሳሳተው ምስሉ ሳይሆን ፋይሉ ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ ማስታወሻ ነውና።

ስልኩ አቅጣጫውን እንዴት ይመዘግባል?

ካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ከስልኩ አካል ጋር በቋሚነት የተገጠመ ነው። ስልኩን ቀጥ አድርገን ብንይዘውም ሆነ ብናጋድመው ሴንሰሩ ምስሉን የሚያነበው በራሱ አቅጣጫ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ወርዱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ፒክስል በሆነ የተጋደመ ቅርጽ። ስልኩ ቀጥ ብሎ ከተያዘ ይህ ምስል መዞር አለበት። በሴኮንድ 30 ምስል እየቀረፁ እያንዳንዱን ማዞር ግን ተጨማሪ ሥራና ባትሪ ይጠይቃል። ስለዚህ ስልኩ ምስሎቹን እንዳሉ ያስቀምጥና ፋይሉ ላይ «ስታሳይ 90 ዲግሪ አዙር» የሚል ምልክት ይጽፋል። የቪዲዮ ማጫወቻው ይህን አንብቦ ምስሉን እያዞረ ያሳየናል።

በኤምፒ4 እና በአይፎን ኤምኦቪ ፋይሎች ውስጥ ይህ የመዞሪያ ምልክት የሚቀመጠው ከቪዲዮው መረጃ ተለይቶ፣ በመግለጫው ክፍል ነው። ዘጠኝ ቁጥሮች ያሉት ሠንጠረዥ ሲሆን እያንዳንዱ ቁጥር 4 ባይት ይይዛል፤ በድምሩ 36 ባይት። ካርቶን ላይ «ይህ ጎን ወደ ላይ» ተብሎ እንደሚለጠፍ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉ ቢሳሳት የሚቀየረው ጽሑፉ እንጂ ውስጥ ያለው ዕቃ አይደለም።

ስሕተቱ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ቀረፃው ሲጀመር ነው። ስልኩ በየት በኩል እንደተያዘ የሚያውቀው የመሬትን ስበት በሚለካ ሴንሰር ነው። ስልኩ ቀጥ ብሎ ወይም ተጋድሞ ሲያዝ ስበቱ ከጎኖቹ ወደ አንዱ ስለሚያመለክት አቅጣጫው ግልጽ ነው። ጠረጴዛ ላይ ያለን ነገር ከላይ ወደ ታች ለመቅረፅ ስልኩን በጠፍጣፋው ስንይዘው ግን ስበቱ በስክሪኑ ውስጥ አልፎ ወደ ታች ስለሚሄድ ከአራቱ ጎኖች የትኛው «ላይ» እንደሆነ መለየት አይችልም። ያኔ ቀድሞ የያዘውን አቅጣጫ ይጽፋል። ቀረፃው ከተጀመረ በኋላ ስልኩን ብናዞረውም ምልክቱ አይቀየርም፤ ለጠቅላላው ቪዲዮ አንድ ብቻ ነውና።

አንድ ምሳሌ፦ የመልስ ቀን ምርቃት

በመልስ ዝግጅት ላይ አንድ ወጣት ድፎ ዳቦው ሲቆረስ ከላይ ሆኖ መቅረፅ ይጀምራል እንበል። ስልኩ በጠፍጣፋው ተይዟል። ዳቦው እንደተቆረሰ ሳያቋርጥ ስልኩን ቀጥ አድርጎ ወደ ሽማግሌዎቹ ያዞራል፣ የ10 ደቂቃ ምርቃታቸውንም ይቀርፃል። ቤት ገብቶ ሲከፍተው ሽማግሌዎቹ ጭንቅላታቸው ወደ ግራ ሆኖ ተጋድመዋል። ምልክቱ የሚለው «ምንም አታዙር» ነው፤ ስልኩ ግን በአብዛኛው ቀረፃ ቀጥ ብሎ ነው የተያዘው።

በሴኮንድ 30 ምስል የተቀረፀ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ 18,000 ምስሎች አሉት። ኮንቨርት ማድረግ ማለት 18,000ዎቹን ሁሉ ከታመቁበት መፍታት፣ ማዞርና እንደገና ማመቅ ማለት ነው። ስልኩ መጀመሪያ ሲያምቅ ዓይን በቀላሉ አያያቸውም ያላቸውን ዝርዝሮች ጥሎ ነበር። ሁለተኛው ማመቅ ከተረፈው ላይ እንደገና ይጥላል። ልዩነቱ ቶሎ የሚታየው በጥቃቅን ዝርዝር ላይ ነው፤ በነጠላ ጥለት፣ በሽበት፣ ብርሃን ባነሰበት የክፍሉ ጥግ። የተጣለው ደግሞ ተመልሶ አይገኝም።

ምልክቱን ብቻ ለመቀየር ኤግዚፍቱል የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ካናዳዊው ፊል ሃርቪ የሠራው ሲሆን በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። ትእዛዝ እየተጻፈለት የሚሠራ ስለሆነ የሚታይ ቁልፍ የለውም፤ የሚያስፈልጉት ግን ሁለት መስመሮች ብቻ ናቸው። ፋይላችን ስሙ `mirkat.mp4` ይሁን። መጀመሪያ አሁን ያለውን ምልክት እናንብብ፦

```
exiftool -Rotation mirkat.mp4
```

በእኛ ምሳሌ መልሱ 0 ነው። ቀጥሎ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ምስል በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ስንት ዲግሪ ቢዞር እንደሚቃና እንወስናለን። የሰዎቹ ጭንቅላት ወደ ግራ ከሆነ 90፣ ወደ ቀኝ ከሆነ 270፣ ተገልብጠው ከታዩ 180 ነው። የሽማግሌዎቹ ጭንቅላት ወደ ግራ ስለሆነ 90 እንጽፋለን፦

```
exiftool -Rotation=90 mirkat.mp4
```

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። የምንጽፈው ቁጥር በነበረው ላይ አይደመርም፤ የነበረውን ይተካዋል። ስለዚህ የነበረው ምልክት 0 ካልሆነ ድምሩን ራሳችን መሥራት አለብን። ለምሳሌ የተነበበው 90 ቢሆንና ሰዎቹ ጭንቅላታቸው ወደ ቀኝ ሆኖ ቢታይ፣ 90 ሲደመር 270 ይሆናል 360። ይህ ሙሉ ዙር ነው፤ ስለዚህ የሚጻፈው 0 ነው። ይህን ሳያዩ 270 የሚጽፉ ሰዎች ቪዲዮው አሁንም ተጋድሞ ስለሚያገኙት ዘዴው አይሠራም ብለው ይተዉታል።

ፕሮግራሙ የቀድሞውን ፋይል አያጠፋም፤ `mirkat.mp4_original` በሚል ስም አጠገቡ ያስቀምጠዋል። በዚህ ምክንያት ዲስኩ ላይ ለአንድ ተጨማሪ ቅጂ የሚሆን ባዶ ቦታ መኖር አለበት። ሥራው የሚወስደው ጊዜ ፋይሉን ኮፒ ለማድረግ የሚፈጀውን ያህል ነው።

ምስሎቹ በእርግጥ እንዳልተነኩ ማረጋገጥም ይቻላል። ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው ሌላ ነፃ ፕሮግራም የቪዲዮውን መረጃ አንብቦ አሻራ የሚሆን ረጅም ቁጥር ያወጣል፦

```
ffmpeg -v error -i mirkat.mp4 -map 0:v -c copy -f md5 -
```

ይህንኑ በቀድሞው ፋይል ስም ይድገሙት። ሁለቱ አሻራዎች በሙሉ አንድ ከሆኑ 18,000ዎቹ ምስሎች ሳይነኩ እንደነበሩ ናቸው ማለት ነው። ኮንቨርት በተደረገ ቪዲዮ ላይ ግን አሻራው ይለወጣል።

ምልክቱ ትክክል ሆኖ ቪዲዮው ሲጋደም

ከላይ ያለው መፍትሔ የሚሠራው ምልክቱ ራሱ ሲሳሳት ነው። ሌላ ዓይነት ችግር አለ፤ ምልክቱ ትክክል ሆኖ ማጫወቻው ሳያነበው ሲቀር። አንዳንድ የቆዩ ማጫወቻዎችና ፍላሽ የሚቀበሉ ቴሌቪዥኖች ምልክቱን ንቀው ምስሉን ሴንሰሩ እንዳነበበው ያሳያሉ።

ሁለቱን ለመለየት ቪዲዮውን ሁለት ቦታ መክፈት በቂ ነው፤ በተቀረፀበት ስልክና ኮምፒውተር ላይ በቪኤልሲ። ቪኤልሲ ምልክቱን ያነባል። በሁለቱም ከተጋደመ ምልክቱ ተሳስቷል፤ ከላይ በተገለጸው መንገድ ይታረማል። በሁለቱም ቀና ብሎ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቻ ከተጋደመ ግን ችግሩ የቴሌቪዥኑ ነው። ያኔ ምልክቱን መለዋወጥ ቴሌቪዥኑ ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም፤ በስልክ ላይ ትክክል የነበረውን ግን ያበላሻል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ቴሌቪዥን ኮንቨርት ማድረግ ተገቢ ነው፤ ኤፍኤፍኤምፔግም ይህን ያደርገዋል፦

```
ffmpeg -i mirkat.mp4 -c:v libx264 -crf 18 -c:a copy tv.mp4
```

ትእዛዙ ውስጥ ስለ ማዞር ምንም አልተጻፈም። ፕሮግራሙ ምልክቱን በራሱ አንብቦ ምስሎቹን ስለሚያዞር ነው። ማዞሪያ ከጨመርንበት ቪዲዮው ሁለት ጊዜ ዞሮ እንደገና ይጋደማል። `-crf 18` ጥራቱ ብዙ እንዳይወርድ የሚያደርግ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም ይተልቃል። ድምፁ ሳይነካ እንዳለ ይገለበጣል።

ምልክቱ የማይደርስባቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። ቀረፃው መሐል ላይ ስልኩ ከቀጥታ ወደ ጎን ከዞረ አንዱን ግማሽ ሲያቃኑ ሌላው ይጋደማል፤ በሁለት ፋይል ከፍሎ ለእያንዳንዱ የራሱን ምልክት መስጠት ግድ ይሆናል። በጥቂቱ ያዘነበለን ምስል ለማቃናትም አይመከርም፤ ማጫወቻዎች በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያከብሩት የ90፣ የ180 እና የ270 ዲግሪ መዞርን ነው። ኤዲት ሲደረግ ግራና ቀኙ ላይ ጥቁር የገባበት ቪዲዮ ደግሞ ጥቁሩ የምስሉ አካል ስለሆነ ምልክቱን በመቀየር አይወጣም።

የተቃናውን ቪዲዮ ለቤተሰብ በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት። እንደ ቪዲዮ ሲላክ መተግበሪያው ኢንተርኔት ለመቆጠብ እንደገና ያምቀዋል፤ ያተረፉት ጥራት በዚያው ይጠፋል። ቪዲዮውን ለቪዲዮ ኤዲተር ለመስጠት ካሰቡም መጀመሪያ ምልክቱን ያስነብቡ። የተሳሳተው እሱ ብቻ ከሆነ አንድ ቁጥር መቀየር ይበቃል፤ ኮንቨርት ማድረግ የግድ ከሆነ ደግሞ ስልኩ የቀረፀውን የመጀመሪያውን ፋይል አያጥፉት።