ግድግዳው 60 ሳንቲ ሲገፋ

አንድ አርክቴክት የሁለተኛውን ፎቅ ፕላን ከፍቶ በመጸዳጃ ቤቱና በኮሪደሩ መካከል ያለውን ግድግዳ 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ኮሪደሩ ይገፋዋል። ባለቤቱ መጸዳጃ ቤቱ ጠቦኛል ብሏል፣ ኮሪደሩ ደግሞ ትርፍ ስፋት አለው። በስክሪን ላይ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። ነገር ግን በዚያ ግድግዳ ጀርባ የቧንቧ ሻፍት አለ፤ ግድግዳው ላይ ማብሪያና ማጥፊያ ተስሏል፤ ከሥሩ ደግሞ ስትራክቸራል መሐንዲሱ ያሰላው ቢም ያልፋል። እነዚህን የሚስሉት ሦስት ሌሎች ባለሙያዎች ናቸው፤ ሦስቱም በዚያች ሰዓት የየራሳቸውን ሥራ እየሠሩ ነው።

ሥራው በኮፒ የሚሄድበት ቢሮ ብዙ ነው። አርክቴክቱ ፕላኑን በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ይልካል፣ እያንዳንዱ መሐንዲስ ኮፒውን ይከፍትና የራሱን መስመር በላዩ ይስላል። በማግስቱ ግድግዳው ሲገፋ አራት የተለያዩ ሁለተኛ ፎቆች ይኖራሉ ማለት ነው። ኮፒ ማድረጉን ትቶ ሁሉም በአንድ ፋይል ላይ ይሥራ ቢባልም አይሆንም፤ አውቶካድ አንድን ፋይል መጀመሪያ ለከፈተው ሰው ይቆልፍለታል፣ ሁለተኛው ሰው ማየት እንጂ በዚያው ስም ሴቭ ማድረግ አይችልም።

አውቶካድ በ1990 በወጣው 11ኛ እትሙ ያመጣው መፍትሔ ኤክስተርናል ሬፈረንስ ይባላል፤ በቢሮ አነጋገር ኤክስሬፍ ነው። ሐሳቡ ከኮምፒውተር በፊትም ነበር። በእጅ በሚሳልበት ዘመን አንዳንድ የንድፍ ቢሮዎች የወለሉን ፕላን በአንድ ስስ ፕላስቲክ ላይ ይስሉና ለመብራቱም ለቧንቧውም ሌላ ሌላ ፕላስቲክ በላዩ ይደርቡ ነበር። ፕላስቲኮቹ ጠርዛቸው ላይ በተበሱ ቀዳዳዎችና በብረት ፒኖች ስለሚያዙ አንዱ ከሌላው አይንሸራተትም። ኤክስሬፍ ያንኑ በፋይል ያደርጋል፦ የቧንቧ ባለሙያው ፋይል ውስጥ ያለው የራሱ ቧንቧ ብቻ ነው፤ ግድግዳውን ግን ከአርክቴክቱ ፋይል ላይ ያየዋል። ግድግዳው ወደ እሱ ፋይል አልተገለበጠም። ፋይሉ የያዘው አድራሻውን ነው፤ በተከፈተ ቁጥር ወደዚያ አድራሻ ሄዶ የዛሬውን ግድግዳ ያመጣል።

በሥራ ላይ ሲታይ እንዲህ ነው። የአርክቴክቱ ፋይል A-02.dwg፣ የስትራክቸሩ S-02.dwg፣ የመብራቱ E-02.dwg፣ የቧንቧው P-02.dwg ይባል። አራቱ በቢሮው ሰርቨር ላይ በየራሳቸው ፎልደር ይቀመጣሉ፣ እያንዳንዱም አንድ ባለቤት አለው። የቧንቧ ባለሙያው የራሱን ፋይል ከፍቶ XATTACH ይጽፍና የአርክቴክቱንና የስትራክቸሩን ፋይል ይመርጣል። ማስገቢያ ነጥቡን 0,0,0፣ ስኬሉን 1፣ ሮቴሽኑን 0 ያደርጋል።

እነዚህ ዜሮዎች ትርጉም የሚኖራቸው ግን አስቀድሞ ስምምነት ካለ ነው። አራቱም ሰዎች አንድ መስመር ከመሳላቸው በፊት አክሲስ A እና አክሲስ 1 የሚገናኙበትን ነጥብ 0,0 ላይ ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ ወዲያ የማንም ፕላን ከዚያ ነጥብ አይነቃነቅም። መለኪያውም አንድ መሆን አለበት። አርክቴክቱ በሜትር፣ መሐንዲሱ በሚሊ ሜትር ቢስሉና ፋይሎቹ ይህን በትክክል ካልመዘገቡ፣ ሙሉው ሕንፃ ሺህ ጊዜ አንሶ ጥግ ላይ እንደ ነጠብጣብ ይታያል። ይህ እንኳ ወዲያው ስለሚታይ ደህና ነው። የከፋው አንዱ ሰው ፕላኑ ትንሽ ዘንበል ብሎ አገኘሁት ብሎ የመጣለትን ኤክስሬፍ በእጁ ሲያንቀሳቅሰው ነው። በእሱ ስክሪን ሁሉም ነገር ልክ ይመስላል፤ የእሱን ፋይል የሚጠራው ሌላ ሰው ዘንድ ግን መብራቶቹ ከክፍሉ መሐል ወጥተው ግድግዳ ላይ ይቀመጣሉ። ማወቂያው ቀላል ነው፦ በማንኛውም ፋይል የሁሉም አክሲሶች አንድ ላይ መደረብ አለባቸው። ሁለት ትይዩ አክሲስ ከታየ አንድ ሰው የሆነ ነገር ነክቷል።

የተጠራው ፕላን በእንግዳው ፋይል ውስጥ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ ሌየሮቹም የመጡበትን ስም ይዘው ይመጣሉ። የአርክቴክቱ WALL ሌየር በቧንቧ ባለሙያው ዝርዝር ውስጥ A-02|WALL ተብሎ ይነበባል። ባለሙያው ግድግዳውን ግራጫ ሊያደርገው፣ የቤት ዕቃውን ሊደብቀው ይችላል፤ አርክቴክቱ ዘንድ ምንም አይለወጥም። VISRETAIN የሚባለው ሴቲንግ 1 ላይ እስካለ ድረስ ይህ ምርጫው ነገም ይቆያል። ፋይሉን ከፍቼ ቀለም ሁሉ ተመልሶ ጠበቀኝ የሚል ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህን ነው።

ወደ ግድግዳው እንመለስ። ከመገፋቱ በፊት በሻፍቱ መሐል የሚወርደው 11 ሳንቲ ውፍረት ያለው የፍሳሽ ቧንቧ ከአክሲስ C 70 ሳንቲ ይርቅ ነበር። በአክሲስ C ላይ 25 ሳንቲ ወርድ ያለው ቢም አለ፤ ማለትም ከአክሲሱ ግራና ቀኝ 12 ሳንቲ ተኩል ይይዛል። አርክቴክቱ ግድግዳውን ወደ አክሲሱ ሲገፋ ሻፍቱንም አብሮ አንቀሳቀሰና ሴቭ አደረገ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በቧንቧ ባለሙያው ስክሪን ቀኝ ታችኛ ጥግ ኤክስሬፉ ተቀይሯል የሚል ማሳሰቢያ ብቅ ይላል፤ አውቶካድ እንደ መጣበት ከሆነ በየ5 ደቂቃው ያጣራል። ባለሙያው RELOAD ሲያደርግ ግድግዳውና ሻፍቱ ዘለው አዲሱ ቦታቸው ላይ ይቀመጣሉ። የራሱ ቧንቧ ግን የነበረበት ቀርቷል፤ አሁን በመጸዳጃ ቤቱ ወለል ላይ ብቻውን ቆሟል።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኤክስሬፍ የሚያንቀሳቅሰው የሌላውን ሰው መስመር እንጂ የራስን አይደለም። ቧንቧው ግድግዳውን ተከትሎ አይሄድም፣ ፕሮግራሙም ቧንቧህ ቀረ ብሎ አይናገርም። አይቶ ማንሳት የባለሙያው ሥራ ነው። ባለሙያው ቧንቧውን አንስቶ ወደ አዲሱ ሻፍት ሲያስገባው ከአክሲስ C የሚርቀው 10 ሳንቲ ብቻ ሆነ። ከስትራክቸሩ ፋይል የመጣው ቢም በዚያው ስክሪን ላይ ስላለ ቧንቧው ቢሙ ላይ መውደቁን ወዲያው አየ። ሦስቱ ተነጋገሩና ግድግዳው የሚገፋው 30 ሳንቲ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። የቧንቧው መሐል ከአክሲሱ 40 ሳንቲ ራቀ፤ 50 ሳንቲ ስፋት ያለው ሻፍትም ከአክሲሱ 15 ሳንቲ ላይ ስለሚጀምር ከቢሙ ውጭ ሆነ። በኮፒ ቢሠሩ ኖሮ ይህ ግጭት የሚታወቀው ሳይት ላይ፣ ቢሙ ተሞልቶ ፌሮው ውስጡ ከተቀበረ በኋላ ነበር።

አንድ ምርጫ አለ፣ ችላ ሲባል ሙሉ ፕሮጀክት ያምሳል። ፋይል ሲጠራ አውቶካድ አታችመንት ወይስ ኦቨርሌይ ብሎ ይጠይቃል። አታችመንት ከሆነ የጠራኸው ፋይል ከአንተ ጋር ይጓዛል፤ አንተን የሚጠራ ሰው እሱንም ያገኘዋል። ኦቨርሌይ ከሆነ ላንተ ብቻ ይታያል፣ አንተን ለሚጠራ ሰው አይተላለፍም። ስትራክቸራል መሐንዲሱ ፕላኑን በአታችመንት ቢጠራና የመብራት ባለሙያው ሁለቱንም ቢጠራ፣ ግድግዳው በሁለት መንገድ ይደርሰዋል። ምልክቱ ይታወቃል፦ ራሱ የጠራውን ፕላን ከስክሪኑ ቢሰርዝም ግድግዳው አይጠፋም፣ ሌላኛው ከሥር አለና። ከዚህም በላይ አርክቴክቱ ኮለኖቹን ለማየት S-02ን ሲጠራ፣ መሐንዲሱ ደግሞ A-02ን ጠርቶ ከሆነ፣ ሁለቱ ፋይሎች እርስ በርስ ይጠራራሉ። በአታችመንት ከሆነ ፕሮግራሙ ክብ ሆነ ብሎ ያስጠነቅቃል። በኦቨርሌይ ግን ሁለቱ ያለ ችግር ይተያያሉ። ስለዚህ በባለሙያዎች መካከል ያለው ጥሪ በሙሉ ኦቨርሌይ ቢሆን ይሻላል፤ አታችመንት አንድ ሰው የራሱን ሥራ በሁለት ፋይል ከፍሎ ሲገጣጥም ያገለግላል።

አድራሻውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሙሉ አድራሻ እንዲህ ይጻፋል፦

```
P:\G4\ARCH\A-02.dwg
```

ይህ የሚሠራው P: የሚባለው ድራይቭ ባለበት ኮምፒውተር ብቻ ነው። ከራሱ ፋይል ተነስቶ የሚቆጠረው አድራሻ ግን

```
..\ARCH\A-02.dwg
```

ሲሆን፣ ሙሉው የፕሮጀክት ፎልደር ወደ ላፕቶፕ ቢዛወርም ይሠራል። አድራሻው ሲጠፋ ግድግዳው በነበረበት ቦታ የፋይሉ አድራሻ ብቻ ተጽፎ ይታያል፣ በXREF ዝርዝር ውስጥም አልተገኘም የሚል ምልክት ይወጣል። የቧንቧ ፋይሉን ብቻ በቴሌግራም የላከ ሰው ተቀባዩ ጋ የሚደርሰው ይኸው ነው፦ ግድግዳም ቢምም የሌለበት ባዶ ቦታ ላይ የተንጠለጠለ ቧንቧ። ETRANSMIT ፋይሉንና የሚጠራቸውን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስቦ በዚፕ ያሽጋል።

ከቴክኒኩ ይልቅ የሚከብደው ሴቭ የማድረግ ሥነ ሥርዓት ነው። አርክቴክቱ ከጠዋት ጀምሮ ሴቭ ካላደረገ ሌሎቹ የትናንቱን ግድግዳ እያዩ ነው። ገና እያሰበበት ያለውን ደረጃ ሴቭ ካደረገ ደግሞ ያላለቀ ሐሳቡ ወደ ሦስት ጠረጴዛ ይገባና መሐንዲሱ ያልተወሰነ ደረጃ ያሰላል። ጠንቃቃ ቢሮዎች አርክቴክቱ የሚሞክርበትን ፋይል ሌሎች ከሚጠሩት ይለያሉ፤ ውሳኔ ላይ ሲደረስ ብቻ የሚጠራው ፋይል ይተካል፣ ለሌሎቹም ምን እንደተለወጠ በቃል ይነገራል።

ፕላን የማያሳየው ነገርም አለ፤ ከፍታ። 6 ሜትር አግድም የሚሄድ የፍሳሽ ቧንቧ በ2 በመቶ ተዳፋት 12 ሳንቲ ይወርዳል። በፕላን ላይ ቢሙን አቋርጦ የሚያልፍ ቀጭን መስመር ነው፤ ከቢሙ ሥር ያልፋል ወይስ ይወጋዋል የሚለውን የሁለቱ ፋይሎች መደራረብ አይመልስም። ለዚህ ሴክሽን መሳል ወይም ቁጥሩን አስልቶ ፕላኑ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል።

ንድፉ ለኮንትራክተር ሲወጣ ኤክስሬፉ ይታሰራል። Bind ሲደረግ የአርክቴክቱ ግድግዳ ከአድራሻው ተላቆ የዚያ ፋይል አካል ይሆናል፣ A-02|WALL የነበረው ሌየርም A-02$0$WALL ይሆናል። የታሰሩት ፋይሎች ቀኑ በተጻፈበት ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ፤ በሰርቨሩ ላይ ያሉት ግን እንደተሳሰሩ ይቀጥላሉ። በማግስቱ ባለቤቱ ሌላ ሐሳብ ይዞ ቢመጣና ግድግዳው እንደገና ቢገፋ፣ ለኮንትራክተሩ የወጣው ንድፍ በዚያ ቀን እንደነበረ ይቀራል።