ፔይሮሉን ማን ይሥራ?

ትናንት ሒሳብ ሠራተኛ የነበረች፣ ዛሬ የክፍሉ ኃላፊ የሆነች ሴት እንውሰድ። ድርጅቱ 120 ሠራተኛ አለው። ወሩ ሊያልቅ ሲል ፔይሮሉን ራሷ ትሠራለች፣ የባንክ ሒሳቡን ራሷ ታስታርቃለች፣ ቫውቸሩንም ራሷ ታመሳክራለች። ከሥሯ ያሉት ሁለት ልጆች ፋይል ሲያደራጁ ይውላሉ። ለምን እንደሆነ ብትጠየቅ መልሷ አጭር ነው፦ «በደመወዝ ቀልድ የለም።» እውነቷን ነው። 300 ብር የጎደለበት ሠራተኛ በማግስቱ ጠዋት የሚመጣው እሷ ቢሮ ነው።

እንዲህ ያለችን ሰው «ሥራ አካፍዪ፣ ሰው እመኚ» ብሎ መምከር ብዙም አይጠቅምም። የፋይናንስ ሥራ አስኪያጇ የፔይሮሉን ግርጌ ቢያሳያት ይሻላል። እዚያ ሦስት የፊርማ ቦታ አለ፦ ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ የምትፈርመው ራሷ ናት። ለጥራት ብላ የያዘችው ሥራ ማንም ሳያረጋግጠው ያልፋል ማለት ነው፤ ገና በሩን ሲገባ ኦዲተር የሚያነሳውም ይህንኑ ነው። ሥራውን ለሌላ ብትሰጥ፣ እሷ አረጋጋጭ ትሆናለች።

ርክክቡ ግን በአንድ ቀን አያልቅም። በመጀመሪያው ወር እሷ እየሠራች ልጁ አጠገቧ ተቀምጦ ይጽፋል። ሕጉን ከመጽሐፍ ያገኘዋል፦ ጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከድርጅቱ 11 በመቶ፤ በሳምንት ዕረፍት ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራ በ2.5 ይባዛል። ከመጽሐፍ የማያገኘው «የመጋዘኑ ኃላፊ የትርፍ ሰዓት ቅጹን ሁሌ ያዘገያል፤ ወሩ በገባ በ18 ደውልለት» የሚለውን ነው። ጥራቱን እስከ ዛሬ ያቆየው ይህ ያልተጻፈው ክፍል ነው። በሁለተኛው ወር ሁለቱም ለየብቻ ሠርተው ያስተያያሉ። ያ ወር ድካሙ እጥፍ ነው፤ ብዙ አዲስ ኃላፊ «ራሴ ብሠራው ይሻለኛል» ብሎ የሚመለሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ሥራ አስኪያጇ በዚያ ወር ሌላ ሥራ ቢያቃልልላት ጥሩ ነው።

በሦስተኛው ወር ልጁ ብቻውን ይሠራል። እሷስ ምን ታያለች? 120ውን መስመር እንደገና ካሰላች ሥራውን አልሰጠችም። መጀመሪያ የምታየው ስሌቱ ሳይጀመር ነው፤ የወሩን የለውጥ ዝርዝር፣ ማለትም የገባ፣ የለቀቀ፣ ጭማሪ ያገኘ። ስህተት እዚያ ላይ ሲገኝ ማረም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ገንዘቡ ባንክ ከገባ በኋላ ግን ሰው ፍለጋ መሄድ ነው።

ቀጥሎ ድምሩን ታያለች። ያለፈው ወር መሠረታዊ ደመወዝ በጠቅላላ 1,240,000 ብር ነበር እንበል። በ14,000 እና በ11,000 ብር ሁለት ሰዎች ገብተዋል፣ 18,500 የሚከፈለው አንድ ሰው ለቋል፣ አንዷ 2,500 ተጨምሮላታል። የዚህ ወር ድምር 1,249,000 መሆን አለበት። ልጁ ያመጣው 1,267,500 ይላል። ልዩነቱ ልክ 18,500 ነው፤ የለቀቀው ሰውዬ አሁንም ፔይሮሉ ላይ አለ። ከዚያ የተለወጡትን መስመሮች በሙሉ፣ ካልተለወጡት ደግሞ ጥቂቱን መርጣ ትፈትሻለች። ሁለት ቀን የሚፈጀው ሥራ በአንድ ሰዓት ይታያል።

ስህተቱን ስታገኝ እጇ ወደ ኪቦርዱ መሄዱ አይቀርም። እሷ ካስተካከለችው ግን ልጁ በሚቀጥለው ወርም የለቀቀውን ሰው ይረሳል። «ድምሩ በ18,500 በልጧል፣ ፈልገው» ብላ ትመልሰው። ልጁም በተራው «ይቺን አላገኘኋትም» እያለ መምጣቱ አይቀርም። ኦንከን እና ዋስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ታዋቂ ጽሑፍ ይህን ከሠራተኛው ትከሻ ዘልሎ አለቃው ትከሻ ላይ በሚወጣ ዝንጀሮ መስለውታል። «ተወው፣ እኔ አየዋለሁ» ያለች ዕለት ዝንጀሮው የእሷ ሆነ። «የት የት ፈለግህ? አንተ ምን ይመስልሃል?» ብትለው እዚያው ባለቤቱ ጋ ይቆያል።

ሁለት ሦስት ወር ያለ ስህተት ካለፈ የምትፈትሻቸውን መስመሮች ትቀንስ። የድምሩን ማመሳከር ግን መቼም አትተው፤ ልጁ ካልተማመነችበት ሳይሆን፣ የሁለተኛዋ ፊርማ ትርጉም ያ ስለሆነ።

አንዳንድ አዲስ ኃላፊ በሌላው ጽንፍ ይሳሳታል፦ ሥራ ማካፈል መስሎት የባንክ ሲስተሙን የማጽደቂያ የይለፍ ቃል ለልጁ ይሰጣል። ያኔ አዘጋጁም አጽዳቂውም እንደገና አንድ ሰው ይሆናሉ፤ አንድ ነገር ቢፈጠር ደግሞ መዝገቡ ላይ የሚገኘው የእሷ ስም ነው። ፈቃድ የምትወጣ ከሆነ ሥራ አስኪያጁ በደብዳቤ ተወካይ ይሰይም፤ ተወካዩም በራሱ ስምና በራሱ የይለፍ ቃል ይግባ።